የአቶ መርስዔ ኀዘን አሜን

ባጃጁ የጣናን ዳር መንገድ ይዞ ሲከንፍ አገርነሽ በአንድ እጇ ብረቱን፣ በሌላው ደረቷን ይዛ ነበር። ከቀሚሷ ጥልፍ ሥር አራት ገጽ ወረቀት ሸጉጣለች። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ በመስታወት አያትና፣ «እናቴ፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?» አላት።

«አዎ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። አንተ ዝም ብለህ ንዳው።»

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጥር ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ዐሥር ዓመተ ምሕረት ነው። በባሕር ዳር በዚያ ቀን ሰርግ ያልነበረበት ሰፈር ቢፈለግ አይገኝም። በየመንገዱ አበባ የለበሰ መኪና ጥሩንባውን ይነፋል፤ በሐይቁ ዳር ዘንባባ ሥር ሙሽሮች ፎቶ ለመነሣት ወረፋ ይጠብቃሉ። አገርነሽ ግን ይህን ሁሉ አላየችም። ልብስ ለብሳ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኾ ነበር። የሰርጉ መድረክ መሪ ዜማ ናት የደወለችላት፤ «እትዬ አገርነሽ፣ ቶሎ ይምጡ፤ ፕሮግራሙ ተቀይሯል። ስለ ሙሽራዋ ስለ ወንጌላዊት አባት የሚናገሩት አቶ መርስዔ ኀዘን ሆነዋል» ብላ።

አቶ መርስዔ ኀዘን! አገርነሽ ያን ስም ስትሰማ የግራ እግሯን ጫማ በቀኝ እግሯ አጥልቃ ከቤት ወጥታ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው ያስተካከለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሽራዋ አባት ዳኘው የአገርነሽ ታናሽ ወንድም፣ በጣና ላይ የጀልባ ነጂ ነበር። በሐምሌ ዘጠና ስድስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው በዘጌ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ ዳኘው «አልነሣም» አለ። በጊዜው የጀልባዎቹ የስምሪት ኃላፊ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። «አንተ ካልነሣህ ነጂ አይታጣም፤ ነገ እንዳትመጣ» አሉት። አገርነሽ የዝናብ ልብሱን ልታቀብለው መጥታ ከአጠገባቸው ቆማ ነበር፤ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ዳኘው ሃያ ሰው ጭኖ ተነሣ። መሐል ላይ ሞተሩ ጠፋ፣ ውኃ ገባ። በደንገል ታንኳ ለእርዳታ ለደረሱት ሰዎች ዐሥራ ዘጠኙን ተሳፋሪ አንድ በአንድ አቀበላቸው። አንዲት የዱርቤቴ አሮጊት ስለ ቀሩ እሳቸውን ሊያወጣ ተመለሰ። አልወጡም፤ እሱም አልወጣ።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት የእድሩ ሊቀ መንበር ነበሩ። የእድሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ያኔም ዛሬም መርስዔ ኀዘን ናቸው። ጥቁር ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ በዚያ ሸጋ ድምፃቸው፣ «ሟቹ ማንንም ሳያማክር፣ ነፋሱን እያየ፣ በገዛ ድፍረቱ ተነሥቶ» ብለው አነበቡ። አገርነሽ «ውሸት ነው! እርስዎ ነዎት ሂድ ያሉት!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። «ኀዘን ነው፣ ኀዘን ነው፤ ታልቅስ ተዉአት» ተባባሉ። እውነቷን ለቅሶ አደረጉባት። ከዚያ ወዲያ ዳኘው በከተማው አፍ ሰው ያሰጠመ ደፋር ሆኖ ቀረ። የአሮጊቷ ዘመዶች መሸንቲ ገበያ ላይ ሚስቱን ይታይሽን ሲያገኟት ፊታቸውን አዞሩባት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አገርነሽም አልረሳችም። ልርሳ ብትልም የምትችል አይመስለኝም።

እነዚያን አራት ገጾች የጻፈችው ወንጌላዊት ከታጨችበት ቀን ጀምሮ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ማይክ በእጇ ይዛ፣ ሰውዬውን በስሙ ልትጠራው። ከሳምንት በፊት ወረቀቱን ለዜማ አሳየቻት። ዜማ ኮሌጅ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ በጥርና በሚያዝያ ደግሞ ሰርግ ትመራለች፤ አንደበቷም ዓይኗም ስል ነው። እስከ መጨረሻው አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«እትዬ፣ ይህ የቀብር ነው።»

«የቀብሩማ በውሸት ተነበበ። እውነተኛው ይኼ ነው።»

«እውነት ቢሆንም የቀብር ነው። መቼ ተወለደ፣ የት ተማረ፣ እንዴት ሞተ። ሰርግ ላይ ‹እንዴት ሞተ› ካሉ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሙሽራዋን የሚያያት የለም። ሰው ሁሉ ሬሳውን ነው የሚያየው።» ከዚያም ተማሪዋን እንደምታርም አስተማሪ አስረዳቻት። «ሟች አባት ሰርግ ላይ ሲነሣ ገና መጀመሪያው ላይ ይነሣል፤ ሰው በልቶ ጨፍሮ ከሞቀው በኋላ ካነሡት ቤቱ ለቅሶ ይሆናል። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ነገሩን ብቻ፣ በሕይወት ሳለ ያደርገው የነበረውን፣ ቢቻል የሚያስቀውን ያንሡ። ‹ይህን ቀን ሳያይ› አይበሉ፤ እሷ ያን ታውቀዋለች። ባዶ ወንበር አይቀመጥ፣ የኅሊና ጸሎት አይባል። ከሙሽሮቹ ጎን ይቁሙ፣ ፊታቸው አይቁሙ፤ ዓይንዎም እነሱ ላይ ይሁን። መጨረሻውን ምርቃት ያድርጉት። ‹አሜን› ሲባል አዝማሪው ወዲያው እንዲቀጥል እኔ እነግረዋለሁ፤ ዝምታ ከገባ እንባ ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ልጅቷን ይጠይቋት። ምን መስማት እንደምትፈልግ፣ መቼ እንደሚነሣም ትወቅ። በገዛ ሰርጓ እንዳትደነግጥ።»

አገርነሽ ወንጌላዊትን ጠየቀቻት። ልጅቷ አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ «አክስቴ፣ ስሙ ይጠራ። ሳቄን የሚያመጣ ነገር ንገሪልኝ። ስለ ጀልባው ግን እንዳታነሺ፤ ቃል ግቢልኝ» አለች። አገርነሽም ቃል ገባች፤ ወረቀቱን ግን አልቀደደችም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይኼው ነው።

ባጃጁ ሽምብጥ ሰፈር፣ ሙሽራዋ ቤት ሲደርስ የእድሩ ድንኳን ግቢውን ሞልቶ ቆሟል። ዜማ በር ላይ ተቀበለቻት።

«ማን ፈቀደላቸው?»

«ትናንት ለወይዘሮ ይታይሽ ደውለው ነው። ‹የቀብሩን እኔ አነበብሁ፤ የሰርጉንም ከእኔ ወዲያ ማን ያውቀዋል?› አሏቸው።»

ይታይሽ ከጓዳ ወጣች። ነጭ ለብሳ፣ ፊቷ ግን የጾም ፊት። «እትዬ፣ ምን ልበላቸው? ድንኳኑ የእድሩ፣ ወንበሩ የእድሩ፣ ድስቱ የእድሩ። ዛሬ ተጣልቼ ልጄን በምን ልዳራት?»

«ሂድ ብለው የሰደዱት እሳቸው መሆናቸውን ነግሬሻለሁ።»

«ነግረሽኛል። ዋጥሁት። ልጅ ለማሳደግ ስንቱን ዋጥሁት!»

ዜማ የመርስዔ ኀዘንን ንግግር ቅጂ አስቀድማ ተቀብላ ስለ ነበር ለአገርነሽ አሳየቻት፤ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ከላይ ርእስ ያለው። «ወንድማችን ዳኘው ድፍረቱ ባይጥለው ኖሮ ዛሬ በመካከላችን በተገኘ ነበር። እስቲ ለአንድ ደቂቃ ቆመን በኅሊና ጸሎት…»

አገርነሽ ቀሪውን አላነበበችም። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆይተው ያንኑ ውሸት፣ ያውም በልጁ ሰርግ፣ አበባ አስረው ሊደግሙት ነው! ውሸት ሁለት ጊዜ በማይክ ከተነገረ ታሪክ ይሆናል፤ የወንጌላዊት ልጆችም አያታቸውን በዚያ ያውቁታል። አራቱን ገጽ ከደረቷ አወጣች። ወዲያው ግን ቃሏ ትዝ አላትና ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ሙሽራዋ ክፍል ገባች።

ወንጌላዊት መስታወት ፊት ተቀምጣለች፤ ጸጉር ሠሪዋ ጸጉሯን ታስርላታለች። አገርነሽ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት።

«እሳቸው አይናገሩ። ሰርጉ የኔ ነው፤ አንቺ ተናገሪ» አለች። ቀጥላም፣ «ቃልሽ እንዳለ ነው አይደል?»

«እንዳለ ነው፣ የኔ ዓለም።»

«እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አገርነሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ለጸጉር ሠሪዋ ሰጠቻት። «የማይረባ ነው፤ ቆሻሻው ውስጥ ጣይልኝ» አለችና ወጣች። ሦስት ወር ሙሉ የጻፈችው ነበር። ስትወጣ ግን እጇ ባዶ ቢሆንም ልቧ ባዶ አልነበረም። በር እስክትደርስ ድረስ ምን እንደምታደርግ አውቃለች።

አቶ መርስዔ ኀዘን በድንኳኑ ፊተኛ ረድፍ፣ ከሰል ቀለም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን አላረጀም። በዚያ ድምፅ ይኮራሉ። አገርነሽ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ደነገጡ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰላም ብላቸው አታውቅም።

«አቶ መርስዔ ኀዘን፣ ሙሽራዋ የአባቷ እኅት ትመርቀኝ ብላለች። እንዳይቀየሙን።»

«ከተዘጋጀሁ በኋላ?» አሉ፣ ወረቀታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው።

«ምርቃት ያለ አሜን ምን ዋጋ አለው? እኔ አንድ አሮጊት ነኝ፤ ሰዉ ወሬውን ትቶ አይሰማኝም። የእርስዎ ድምፅ ነው ሕዝብ የሚያስነሣው። ሁለተኛውን ማይክ ይያዙልኝና በየምርቃቱ ‹አሜን› እያሉ ሕዝቡን ይምሩልኝ። እንደ እርስዎ ያለ አሜን አስባይ ከየት ይገኛል?»

ሰውዬው አገጫቸውን ዳበሱ። ሙገሳ የማይወድ ሊቀ መንበር እኔ አላየሁም። «መቼም ለእግዚአብሔር ቃል እንቢ አይባልም» አሉ። «ዕርቅ ከሆነ ደግሞ እሰየው።»

«ምን ይሆናል ብለው ነው» አለች አገርነሽ። ዜማ ከኋላዋ ሰምታ ዓይኗን አጠበበች። «እትዬ፣ ምን አሰቡ?» ስትላት፣ «ያስተማርሽኝን ብቻ» አለቻት።

አራት ሰዓት ሲሆን ሙሽራው አማኑኤል ከሚዜዎቹ ጋር ደረሰ። ቄሱ አባታችን ሆይ አስደግመው ባረኩ። ሙሽሮቹ ተቀመጡ። ዜማ ማይኳን አንሥታ «ስለ ሟች አባት» አላለችም፤ «የወንጌላዊት አክስት ወይዘሮ አገርነሽ ልጆቻቸውን ይመርቃሉ» ብላ ብቻ አለፈች። አገርነሽ ከሙሽሮቹ ጎን ቆመች። መርስዔ ኀዘን ከፊተኛው ረድፍ ሁለተኛውን ማይክ ይዘው ተነሡ።

አገርነሽ ሕዝቡን አላየችም። ሁለቱን ልጆች እያየች ጀመረች።

«ወንጌል፣ አማኑኤል፤ አባታችሁ ዳኘው ሰው ይቆጥር ነበር። ማታ ማዕድ ሲቀርብ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ቤቱን ይቆጥራል። ‹ይታይሽ አንድ፣ ወንጌል ሁለት፣ እኔ ሦስት።› እኔ ድንገት ከተፍ ካልሁ ‹ትርፍ መጣች!› ይልና ከራሱ ፊት ሥፍራ ይለቅልኛል።» ሴቶቹ ሳቁ። «አንድ ቀን ወንጌል አኩርፋ አልጋ ሥር ገባች። ቁጥሩ አልሞላም ብሎ አልቀመስም አለ። ያ የሚያህል ሰው፣ እግሩ ውጭ ቀርቶ፣ አልጋው ሥር ተጋድሞ፣ አፍንጫዋን ነካ አድርጎ ‹ሁለት!› አላት። ራቱ ቀዘቀዘ፤ እነሱ ግን እዚያው ሥር ሲሳሳቁ ነበር።»

ወንጌላዊት ሳቀች። እንባ ቢኖርበትም ሳቅ ነው። ይታይሽም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እሷም እየሳቀች ነበር።

«አማኑኤል፣ ዛሬ ያ ቁጥር ጨመረ። በዚያ ቤት አንተ አራት ነህ።»

ሦስተኛውን፣ ዳኘውን፣ አልቀነሰችውም። ሙሽራው ገባውና አንገቱን ደፋ። ሁለት ደቂቃው ሊሞላ ነው። አገርነሽ እጇን በሁለቱም ራስ ላይ ዘረጋች።

«እንደ ዳኘው፣ ቤታችሁ ሳይሞላ ማዕድ የማትቆርሱ ያድርጋችሁ!»

«አሜን!» አሉ መርስዔ ኀዘን፣ ያ ሸጋ ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ሕዝቡም ተከተለ።

«እንደ ዳኘው፣ የተሰጣችሁን ሰው ሁሉ ቆጥራችሁ የምታስረክቡ፣ ለአንድ ለጎደለ የምትመለሱ ያድርጋችሁ!»

«አሜን» አሉ። ይህኛው ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ሕዝቡ ግን ጮኾ ነው የተቀበለው። በሦስተኛው ረድፍ ከዱርቤቴ የመጣ አንድ ሽማግሌ በከዘራው መሬቱን መታ። አገርነሽ ያን አሜን ስትሰማ ዐሥራ ሦስት ዓመት የቆየ ጥማት ሲረካ ተሰማት፤ ሌላም አማራት።

«አደጋ እያየ ‹ሂድ› ብሎ ከሚሰድ፣ ራሱ ግን ዳር ላይ ከሚቀር አለቃ ይሰውራችሁ!»

ደመወዝተኛ የሞላበት ድንኳን ነው፤ እንዲህ ያለ ምርቃት ማን ይጠላል? ከፋብሪካ የመጡት ሳይቀር መሪያቸውን ሳይጠብቁ «አሜን!» ብለው ሳቁ። መርስዔ ኀዘን አልሳቁም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ማይኩ ግን ምንም አልሰማም።

አሁን አገርነሽ ዓይኗን ከልጆቹ ላይ ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ፣ አራተኛውን ተናገረች።

«የገዛ ጥፋቱን መልስ በማይሰጥ ሙት ላይ ከሚያላክክ አንደበት ይሰውራችሁ!»

የለመደ ሕዝብ ነውና አስባዩን ጠበቀ። አስባዩ ዝም አሉ። የማይኩ ጉርምርምታ ብቻ ተሰማ። አንዱ ዘወር ብሎ አያቸው፤ ሁለተኛው አያቸው፤ ወዲያው ረድፉ በሙሉ አያቸው። ምርቃት ላይ አሜን የማይል ሽማግሌ ማን ያውቃል? ዜማ ለአዝማሪው ልትጠቁም እጇን አነሣች። አገርነሽ ዝምታው ደስ አላት። ክፉኛ ደስ አላት። የመርስዔ ኀዘን ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት። ያኔ ወንጌላዊት ከተቀመጠችበት ሆና የቀሚሷን ጫፍ ያዘች። አልጎተተችውም፣ ያዘችው ብቻ።

«አሜን» አሉ መርስዔ ኀዘን።

ቀጭን የሽማግሌ አሜን ነበረች። የድምፅ ማጉያው ግን ከድንኳኑ አውጥቶ እስከ አስፋልቱ አደረሳት። ሕዝቡ እፎይ ብሎ «አሜን!» አለ።

አገርነሽ ስማቸውን ዋጠችው። ሙሽራዋን አየችና ሌላ ድምፅ መጣላት፣ ሰርግ ሰርግ የሚል። «ወልዳችሁ ሳሙ! ቤታችሁ በሰው ይሙላ፤ ቁጥራችሁ አይጉደል!» እልልታው ተከተለ፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ገና በእልልታው መሐል ጀመረው። ሰው ሁሉ ወደ ሙሽሮቹ ዞረ። ከዚያ ወዲያ አገርነሽንም መርስዔ ኀዘንንም ያየ አልነበረም፤ የሚያምር ሰርግ ሆነ።

ሙሽሮቹ የእናታቸውን ጉልበት ስመው ሲወጡ ወንጌላዊት አክስቷን አቀፈች።

«አክስቴ፣ አራተኛው ምርቃት ለእኛ አልነበረም።»

«የመጨረሻው ግን ለእናንተ ነው። እሱን ይዘሽ ሂጂ።»

ልጅቷ ጉንጯን ሳመቻት። ቆም ብላ ወደ ፊተኛው ረድፍ ተመለከተች፤ ከዚያ የአማኑኤልን እጅ ይዛ ወጣች። መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ወደ ሐይቁ ወረዱ።

ድንኳኑ ሲሳሳ መርስዔ ኀዘን ከዘራቸውን እያስቀደሙ መጡ። ማይኩን አሁንም አልለቀቁትም፤ ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስላሉ።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«ስምዎን አነሣሁ?»

«አላነሣሽም።»

«ጀልባ አልሁ?»

«አላልሽም። እኔ የስምሪት ሰው ነበርሁ፤ ከበላይም ያዝዙኝ ነበር። ሞቶ የለ ወይ፤ ለሞተ ሰው ምን ይጎዳዋል ብዬ ነው። አሁንስ በቃሽ?»

አገርነሽ እውነቱን መናገራቸውን ወደደች። «አልበቃኝም» አለች። «ገና አሁን ጣፈጠኝ። በሳምንቱ እሑድ የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ያን ማይክ ይያዙና የዳኘውን የሕይወት ታሪክ እንደገና ያንብቡት፤ ማን ሂድ እንዳለው፣ ስንት ሰው እንዳወጣ፣ ለማን እንደተመለሰ። የአሮጊቷን ዘመዶች ከዱርቤቴ እኔ አስጠራለሁ።»

«ባላነብስ?»

ማይኩን ከእጃቸው ወሰደችው።

«ካላነበቡ እኔ አለሁ። ዛሬ የማረችዎት ሙሽራ ናት፣ አቶ መርስዔ ኀዘን። እሑድ ሙሽራ የለችም።»